ኮከብ ደበዘዘ ማለት ፕላኔት ተገኘ ማለት አይደለም፦ በትራንዚት ዘዴ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ክረምት ሲገባ የጅማ ሰማይ ይዘጋል። ከሰኔ ጀምሮ ብዙውን ሌሊት ቀና ብትሉ የምታዩት ደመና ነው። ስለዚህ እኔና ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴ የሚመጡ ጥቂት ተማሪዎች ኮከብ የምናየው በላፕቶፕ ነው። ቴስ የተባለው የናሳ የጠፈር ቴሌስኮፕ የሚለካው የኮከቦች ብርሃን ለማንም በነፃ ክፍት ነው። ኔት ሲኖር እናወርዳለን፣ መብራት ሲሄድ ደግሞ ባትሪው እስኪያልቅ እንሠራለን። በዚህ መሀል አንዳንድ ስህተቶች እየተመላለሱ ይመጣሉ፤ የኔም የነሱም፣ ዜና ላይ የማነበውም። እስቲ አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ዘዴው ራሱ ምን እንደሆነ። ፕላኔቷ ስለምትታይ አይደለም የምትገኘው። በኮከቧ ፊት ስታልፍ ትንሽ ብርሃን ትጋርዳለች፣ እኛ የምንለካው ያንን መቀነስ ነው። ስምንት ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ አምፖል አስቡ። ፊቱ ላይ ስምንት ሚሊ ሜትር የሆነ የቡና ፍሬ ብትለጥፉበት ጁፒተር በፀሐይ ፊት ያለፈች ያህል ነው፤ ስፋቷ አንድ አሥረኛ ስለሆነ የምትጋርደው ብርሃን አንድ መቶኛ፣ ማለትም 1 በመቶ ይሆናል። ምድርን ለማሳየት ግን ቡናውን አንሱና በቦታው አንዲት የጤፍ ፍሬ አድርጉ። ያኔ የሚቀንሰው ብርሃን 0.0084 በመቶ ብቻ ነው። ቡናዋንና ጤፏን አትርሷቸው፣ እንመለስባቸዋለን።

«ካልደበዘዘ ፕላኔት የለውም» ማለት

ይሄ የመጀመሪያው ነው። የፕላኔቷ ምሕዋር ለእኛ በጠርዙ ካልታየን በኮከቧ ፊት አታልፍም፣ ከላይ ወይም ከታች ታልፋለች። ከራሳችን ሰፈር ምሳሌ ልስጣችሁ። ሰኔ 1 ቀን 1996 ዓ.ም. ቬነስ በፀሐይ ፊት አለፈች፤ ከእኛ አገር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት አልፎ እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ድረስ ፀሐይዋ ላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ሆና ትታይ ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ አንድ ጊዜ ደገመች። የሚቀጥለው እ.ኤ.አ. በ2117 ነው። ቬነስ በእኛና በፀሐይ መካከል የምትገባው በየ19 ወሩ ገደማ ነው፣ ግን ምሕዋሯ ከእኛው በ3.4 ዲግሪ ያዘነበለ ስለሆነ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ወይ ከላይ ወይ ከታች ትስታለች።

ለሩቅ ኮከብ ነገሩ የባሰ ነው፤ እኛ ቦታችንን ስለማንቀይር ምሕዋሯ ካልገጠመ በየዙሩ ትስታለች። የመግጠሙን ዕድል ማስላት ቀላል ነው፦ የኮከቡን ሬዲየስ ለምሕዋሩ ርቀት ማካፈል። ለምድርና ለፀሐይ ይህ 0.5 በመቶ ያህል ይመጣል። በሌላ አነጋገር እኛን ከሩቅ ሆነው በዚህ ዘዴ ከሚፈልጉ 200 ያህል ታዛቢዎች መካከል ምድርን የሚያገኛት አንዱ ነው፤ ሌሎቹ «እዚያ ምንም የለም» ቢሉ ይሳሳታሉ።

የተገኘውን ቆጥሮ ያለውን ቆጠርኩ ማለት

ለኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። እስካሁን የተገኙትን ፕላኔቶች ዝርዝር የሚከፍት ሰው ኮከባቸው ጥግ ተለጥፈው በጥቂት ቀን የሚዞሩ ትልልቅ ፕላኔቶች ሞልተው ያገኛል። «የኛ ፀሐይ እንግዳ ናት ማለት ነው፣ ሌላው ሁሉ ትኩስ ጁፒተር አለው» ይላል። እስቲ በቁጥር እንየው።

ፀሐይን የሚመስሉ 1000 ኮከቦች አሉ እንበል። እያንዳንዳቸው አንድ ትኩስ ጁፒተርና አንዲት ምድር አላቸው፤ ማለትም ቁጥራቸው እኩል ነው። ትኩሱ ጁፒተር ለኮከቡ በጣም ስለሚቀርብ የመግጠም ዕድሉ 10 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ 100ዎቹ በኮከባቸው ፊት ያልፋሉ። ከምድሮቹ የሚያልፉት 5 ብቻ ናቸው። ገና ከመነሻው እኩል የነበረው 100 ለ5 ሆነ።

ከዚያ ጊዜ ይመጣል። ቴስ አንዱን የሰማይ ክፍል በአንድ ዙር የሚከታተለው 27 ቀን ገደማ ነው። በአራት ቀን የሚዞር ጁፒተር በዚህ ጊዜ ስድስት ሰባት ጊዜ ያልፋል። ምድር ግን የምታልፈው በዓመት አንዴ፣ ያውም ለ13 ሰዓት ብቻ ነው። ያ ቀን 27ቱ ውስጥ የመውደቁ ዕድል 7 በመቶ ያህል ነው። አምስቱን ምድሮች በዚህ ብታባዙ ግማሽ ምድር እንኳ አይሞላም። አንዷ በዕድል ብትወድቅ ደግሞ የጤፏን ፍሬ አስታውሱ፤ 0.0084 በመቶ የሆነች ቅናሽ ኮከቡ ራሱ ከሚያደርገው መንቀጥቀጥና ከመሣሪያው ጫጫታ ጋር ትታገላለች። ስለዚህ እኩል ቁጥር ካላቸው ፕላኔቶች ዝርዝራችን ላይ የሚወጣው 100 ጁፒተርና ዜሮ ምድር ነው።

ኬፕለር የተባለው ቴሌስኮፕ ይህን ያህል አልተሸነፈም፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2013 ድረስ 150,000 ያህል ኮከቦችን ያንኑ አንድ የሰማይ ክፍል እያየ ጠበቀ። ያም ሆኖ አንድ ፕላኔት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ስታልፍ መታየት አለባት ከተባለ፣ በአራት ዓመት ውስጥ ዙሯ ከዓመት ብዙ የሚበልጥ ፕላኔት ታመልጣለች። ጁፒተር 12 ዓመት ነው የምትፈልገው።

ታዲያ ትክክለኛው አቆጣጠር እያንዳንዱን ግኝት በዕድሉ መመዘን ነው። አንድ የተገኘ ትኩስ ጁፒተር ወደ 10 ያህሉን ይወክላል፤ አንዲት የተገኘች ምድር ደግሞ 200 ያህሉን፣ ያውም የመታየት ችግሩ ሳይጨመር። እንዲህ ተመዝኖ ሲታይ ትኩስ ጁፒተር ያላቸው ፀሐይ መሰል ኮከቦች ከመቶ አንድ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ሆነው ይገኛሉ። እንግዳዎቹ እነሱ ናቸው።

ያው አድልዎ በኮከቡ በኩልም አለ። ትንሽ ኮከብ ፊት ያለፈች ትንሽ ፕላኔት ብዙ ትጋርዳለች፤ አምፖሉን በአንድ ሴንቲ ሜትር አምፖል ቀይራችሁ ያችኑ ጤፍ ለጥፉበት። ትራፒስት-1 ፀሐይን በስፋት 12 በመቶ ያህል ብቻ የሚሆን ኮከብ ነው። እዚያ ምድርን የምታህል ፕላኔት 0.6 በመቶ ያህል ልትጋርድ ትችላለች። «ምድር መሰሎች የሚበዙት ቀያይ ኮከቦች ዘንድ ነው» የሚል ዜና ስታዩ በመጀመሪያ ይቺን አስቡ።

ሲያጸዱ ፕላኔቷን አብሮ መጥረግ

ይሄ ኮድ ለሚነኩ ነው። የኮከብ ብርሃን በራሱ ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ያንን ማስተካከል ያስፈልጋል። `lightkurve` በተባለው የፓይተን ላይብረሪ ላይ `flatten` ብላችሁ ምንም ሳትነኩ ካስኬዳችሁት የሚወስደው መስኮት 101 ነጥብ ነው። መረጃው በየሁለት ደቂቃው የተለካ ከሆነ ይህ ሦስት ሰዓት ከሃያ ሁለት ደቂቃ ማለት ነው። ትኩስ ጁፒተር ደግሞ ለማለፍ ሦስት ሰዓት ገደማ ትፈጃለች! ፕሮግራሙ መጋረዱን ራሱ እንደ ኮከቡ ባሕርይ ቆጥሮ ያስተካክልላችኋል። አንዱ ልጅ በደንብ የሚታወቅ ትልቅ ፕላኔት ይዞ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ምንም የለውም» ያለኝ በዚህ ነበር። ምልክቱ ግን ነበረ፤ ከሳሳው ጎድጓዳ ግራና ቀኝ ጉብታ ወጥቶ ነበር። መስኮቱን ሰፋ ስናደርገው ጎድጓዱ ተመለሰ፦

```
lc = lc.flatten(window_length=901)
```

901 ነጥብ 30 ሰዓት ነው። ቁጥሩ ጎዶሎ መሆን አለበት። መስኮቱ ከምትጠብቁት የማለፊያ ጊዜ ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን።

ጎድጓዳ ሁሉ ፕላኔት ነው ማለት

የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ አንድ ቅዳሜ «ጋሼ፣ አገኘሁ!» ብላ መጣች። በየ1.7 ቀኑ ኮከቡ 0.45 በመቶ ያህል ይደበዝዛል። ግራፉ ንጹህ ነበር፣ ደስታዋም እውነተኛ ነበር፣ እኔም ልቤ ደንግጧል።

ግን ሁለት ነገር አየን። በመጀመሪያ ዙሩን እጥፍ አድርገን፣ ግራፉን በየ3.4 ቀኑ ቆርጠን ደራረብነው። ጎዶሎዎቹ ጎድጓዶች ለብቻ፣ ሙሉዎቹ ለብቻ ሲደረደሩ አንደኛው 0.5 በመቶ፣ ሌላኛው 0.4 ሆነ። አንዲት ፕላኔት በየዙሩ ያንኑ ያህል ነው የምትጋርደው። ጥልቀቱ እየተፈራረቀ ከተለዋወጠ እርስ በርስ የሚጋረዱ ሁለት ኮከቦች ናቸው፤ አንዴ ደማቁ ይሸፈናል፣ አንዴ ደብዛዛው።

ታዲያ ሁለት ኮከቦች ሆነው ቅናሹ ለምን ይህን ያህል ትንሽ ሆነ? የቴስ አንድ ፒክስል የሙሉ ጨረቃን ስፋት 90ኛ ያህል ይሸፍናል፣ በዚያ ውስጥ የብዙ ኮከቦች ብርሃን ይደባለቃል። የየፒክስሉን ግራፍ ለየብቻ ስንስል ጎድጓዱ የጎላው ልጅቷ የመረጠችው ኮከብ ላይ አልነበረም፣ ጎን ላይ ነው። እዚያ ከመረጠችው ኮከብ 100 እጥፍ ያህል የደበዘዘ ጎረቤት አለ። የሱ ብርሃን በግማሽ ሲቀንስ ከድምሩ የሚጎድለው 0.5 በመቶ ነው፣ በ40 በመቶ ሲቀንስ ደግሞ 0.4። ሒሳቡ ልክ ገጠመ። ልጅቷ ለአፍታ ዝም አለችና «እሺ፣ ሁለተኛውን ኮከብ ልክፈት» አለች።

ሁለቱም ቼክ ካለፈ በኋላም ቢሆን ያላችሁ እጩ ነው፤ ፕላኔት ለማለት ሌላ መለኪያ ይቀራል።

ጥልቀቱን አይቶ መጠኑን ማወጅ

ጎድጓዱ የሚነግራችሁ ፕላኔቷ ከኮከቡ ስንት እጅ እንደሆነች ብቻ ነው። HD 209458 የሚባለውን ኮከብ ውሰዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ፕላኔት በኮከብ ፊት ስታልፍ መጀመሪያ የታየችው እዚያ ነው። ጥልቀቱ 1.5 በመቶ ገደማ ነው። ሥሩ ሲወጣለት 0.12 ይሆናል፤ ፕላኔቷ የኮከቡን 12 በመቶ ታህላለች። ኮከቡን ፀሐይን ያክላል ብላችሁ ብትገምቱ ፕላኔቷ ከጁፒተር 1.2 እጥፍ ትሆናለች። ኮከቡ ግን ከፀሐይ በ1.2 እጥፍ ገደማ ይሰፋል፣ ስለዚህ ፕላኔቷም ወደ 1.4 ታድጋለች። ኮከቡ ላይ የተሳሳታችሁትን ያህል ፕላኔቷም ላይ ትሳሳታላችሁ። ጎረቤት ኮከብ ብርሃን ከጨመረበት ደግሞ በተቃራኒው ታንሳለች፤ እኩል የሚያበራ ጎረቤት ጥልቀቱን በግማሽ ስለሚቀንሰው መጠኗን በ1.4 እጥፍ አሳንሳችሁ ታወጣላችሁ።

ክብደቷን ግን ከጎድጓዱ አትጠብቁ። የዚያች ፕላኔት ክብደት ከጁፒተር 0.7 ያህል መሆኑ የታወቀው ከሌላ መለኪያ ነው፤ ኮከቡን ወዲያና ወዲህ ስትጎትተው ብርሃኑ ላይ በሚፈጠረው የቀለም ለውጥ። ሁለቱ ልኬቶች አንድ ላይ ሲቀመጡ ነው ፕላኔቷ ከውሃ የምትሳሳ ጋዝ መሆኗ የወጣው።