ለቤት ኪራይና ለመብራት ቋሚ የክፍያ ትዕዛዝ ሲሰጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ ቤት የተከራየ አንድ ወዳጄ ውሉ ላይ «ኪራዩ ወር በገባ በ1 ይከፈላል» ተብሎ ስለተጻፈ፣ ከጥቅምት 1 ጀምሮ ባንኩ በየወሩ 8,000 ብር ወደ አከራዩዋ ሒሳብ እንዲያስተላልፍ ትዕዛዝ ሰጠ። ጥቅምት 1 በፈረንጆቹ ኦክቶበር 11 ስለሚውል ቅጹ ላይ «በየወሩ በ11» ብሎ ሞላ። የካቲት ላይ አከራዩዋ «ልጄ፣ ብሩ እየዘገየ ነው» ብለው ደወሉለት፤ እርሱ ግን አንድም ወር እንዳላጎደለ እርግጠኛ ነበር።

የመጀመሪያው ስህተት፦ ቀኑን በአንድ ወር አስልቶ ለዓመቱ ሁሉ ማጽናት

ሁለቱም ትክክል ነበሩ። የባንኮች የክፍያ ሥርዓት በአብዛኛው የሚሠራው በፈረንጆች ቀን ሲሆን፣ የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን፣ የእነርሱ ግን ከ28 እስከ 31 ቀን ስለሆነ፣ በየወሩ በ11 የሚወጣው ገንዘብ ኅዳር 2፣ ጥር 3፣ የካቲት 4፣ ነሐሴ ደግሞ 5 ቀን ላይ ይደርሳል። በመስከረም ተመልሶ 1 ላይ ስለሚያርፍ በዓሉን ምክንያት አድርጎ ሒሳቡን የሚያይ ሰው ችግሩን ላያስተውለው ይችላል።

ትዕዛዙን ወደ 7 ማውረድ አንደኛው መፍትሔ ነው፤ ነሐሴ 1 ኦገስት 7 ላይ ስለሚውል በዚህ ቀን የሚወጣ ክፍያ ከወሩ 1ኛ ቀን አያልፍም። ሆኖም ጥቅምት ላይ የሚከፈለው ኪራይ መስከረም 27 ላይ ይወጣል፤ ደመወዝዎ በ30 የሚገባ ከሆነ ትዕዛዙ ባዶ ሒሳብ ያገኛል። ጃንዋሪ 7 ደግሞ ገና ስለሆነ ባንኩ በበዓልና በእሑድ የሚወድቅ ክፍያን ቀድሞ ወይስ በማግሥቱ እንደሚፈጽም አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

እኔ የምመርጠው ውሉን ማስተካከል ነው። «እስከ ወሩ 5ኛ ቀን» ተብሎ ከተጻፈና ትዕዛዙ በየወሩ በ10 ከሆነ፣ በጣም የሚዘገየው ክፍያ ነሐሴ 4 ላይ ስለሚወድቅ አንድ ቀን መጠባበቂያ ይቀራል። ወዳጄም ከአከራዩዋ ጋር የተስማማው በዚሁ ነው። «በየ30 ቀኑ» የሚለውን ምርጫ ግን አይውሰዱ፤ መስከረም 1 የጀመረ ክፍያ አሥራ ሦስተኛው ጳጉሜን 1 ላይ ይወጣና ከዚያ በኋላ በየዓመቱ እየቀደመ ይሄዳል።

ሁለተኛው፦ ልክ የኪራዩን ያህል ብር ማስቀመጥ

ኪራዩ 8,000 ብር ከሆነና ሒሳቡ ላይ ያለው 8,000 ብር ብቻ ከሆነ ክፍያው ላይፈጸም ይችላል፤ ምክንያቱም የአገልግሎት ክፍያና ሒሳቡ ውስጥ መቅረት ያለበት አነስተኛ ቀሪ ገንዘብ አለ። ቋሚ ትዕዛዝ እንዲሁ በከፊል የሚከፍል ነገር አይደለም፤ ጥቂት ብር ከጎደለ ሙሉው ክፍያ ይቀራል። ስለዚህ ቀሪው ገንዘብ ስንት መሆን እንዳለበት፣ ክፍያው ካልተሳካ ባንኩ በማግሥቱ ደግሞ ይሞክር እንደሆነ ትዕዛዙን ሲሰጡ ይጠይቁ። በክፍያው ዕለት የተቀናሽ መልእክት ስልክዎ ላይ ካልገባ፣ ዝምታውን እንደ መልካም ዜና አይውሰዱት፤ ያኔውኑ ሒሳብዎን ይመልከቱ።

ሦስተኛው፦ ለመብራትና ለውኃ የተወሰነ ብር ማዘዝ

ቋሚ ትዕዛዝ የሚስማማው መጠኑ ለማይለወጥ ክፍያ ነው። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ፣ ባለፈው ዓመት በቂ የነበረ መጠን ዘንድሮ ውዝፍ ይፈጥራል። ለእነዚህ የሚሆነው ቀጥታ ተቀናሽ ነው፤ በዚህ አሠራር ተቋሙ የወሩን ትክክለኛ ሒሳብ ይልካል፣ ባንኩም በሰጡት ፈቃድ መሠረት ያንኑ ይቀንሳል። ይህ የሚሆነው ባንክዎና ተቋሙ ስምምነት ካላቸው ብቻ ስለሆነ፣ ከሌላቸው በየወሩ በስልክ መክፈል ይሻላል። ቅድመ ክፍያ ካርድ ቆጣሪ ላለው ቤት ደግሞ የሚቀነስ ወርኃዊ ቢል የለም።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው የደንበኛ ቁጥሩ ነው። ግቢው ውስጥ ሁለት ቆጣሪ ካለ፣ በቅርብ የወጣውን ቢል ይዘው ቁጥሩንና የተጻፈውን ስም ከቆጣሪው ጋር ያመሳክሩ፤ ካልሆነ የጎረቤትዎን መብራት እየከፈሉ የራስዎ ሊቆረጥ ይችላል። ቤቱን ሲለቁም ፈቃዱን በጽሑፍ ይሰርዙ።

አራተኛው፦ ትዕዛዙን ከውሉ ጋር አለማደስ

በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ሊያንስ አይችልም፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል። ትዕዛዙ ላይ የማብቂያ ቀን ከተጻፈ ከውሉ ማብቂያ ጋር አንድ ያድርጉት፤ ኪራዩ በሕጉ መሠረት ሲጨምርም አዲሱን መጠን ከሚቀጥለው ክፍያ በፊት ያስመዝግቡ። የክፍያው ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ ወሩንና የቤት ቁጥሩን ማስጻፍ ጠቃሚ ነው፤ አከራዩዋ ያን ዕለት «የየትኛው ወር ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ ወዳጄ ያሳያቸው ይህንኑ የሒሳብ መግለጫ ነበር።