አውቶማቲክ ሰዓት ሌሊት ሲቆም፣ ቀኑም ያለቦታው ሲቀየር፦ ችግርና መፍትሔ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሰዓት ስጠግን ብዙ ጊዜ የምሰማው ጥያቄ «ባትሪ ቀይርልኝ» የሚል ነው። ባለፈው ኅዳር ከሰላ ድንጋይ የመጡ አንድ ጡረተኛ መምህርም ይህንኑ አሉኝ። ሰዓቱ ልጃቸው ከውጭ የላከላቸው አውቶማቲክ ነበር። ጀርባውን ገልብጬ በመስታወቱ ውስጥ ግማሽ ክብ የምትመስለውን ብረት አሳየኋቸውና «ጋሼ፣ ይህ ባትሪ የለውም፤ ባትሪው የእርስዎ ክንድ ነው» አልኳቸው። ሳቁ፤ ወዲያው ግን «ታዲያ ክንዴ አብሮኝ እያደረ ሰዓቱ ለምን ሌሊት ይቆማል?» ብለው ያዙኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሰው ሰዓት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ችግር፦ ማታ እየሠራ ያወለቁት ሰዓት ጠዋት ቆሞ ይገኛል

በሰዓቱ ውስጥ የተጠቀለለ ሞላ አለ። ያቺ ግማሽ ክብ ብረት በእጅ እንቅስቃሴ እየዞረች ሞላውን ታጠብቀዋለች፤ ሞላው ደግሞ ቀስ እያለ እየላላ ጥርሶቹን ያዞራል። በብዛት እጃችን የሚገቡት አውቶማቲኮች ሞላቸው ጢም ብሎ ከሞላ ያለ እንቅስቃሴ 40 ሰዓት ገደማ ይሄዳሉ። ሩቡ ብቻ ከተሞላ ግን አሥር ሰዓት ያህል ሄዶ መቆሙ አይቀርም። ስለዚህ ሌሊቱ ጥፋት የለበትም፤ ቀን ያልገባ ነገር ሌሊት አለቀ ማለት ነው።

መንዝ ባና የሚሸምን ሰው እጁ ቀኑን ሙሉ ስለሚመላለስ ሰዓቱ ቆመብኝ ብሎ መጥቶ አያውቅም። ጋሼ ግን ከጠዋቱ 2 እስከ ማታ 3 ሰዓት ቢያስሩትም ውሏቸው ወንበር ላይ፣ ጋዜጣና ሬዲዮ ይዘው ነው። ሰዓት አንጓ ላይ መታሰሩ አይሞላውም፤ የሚሞላው እንቅስቃሴ ነው።

ይህ ግምት ነው፤ ግምት ደግሞ ሰዓት አያስከፍትም። መጀመሪያ የጠየቅኳቸው ሰዓቱ የቆመበትን ቦታ ለሦስት ቀን በወረቀት እንዲጽፉልኝ ነበር። ያመጡልኝ ወረቀት ላይ 7፡40፣ 10፡05 እና 9፡20 የሚል ነበር። የተበታተነ ነው። ሁልጊዜ ቆጣሪዎቹ 12 አካባቢ ቆመው ቢገኙ ኖሮ የምጠረጥረው ሌላ ነገር ነበር፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከዚያ ሞላውን ሞልተን ፈተንነው። መሙያውን፣ ማለትም በጎን ያለችውን ትንሽ ቁልፍ፣ ሳልስብ ወደ ሰዓቱ ጉዞ አቅጣጫ 35 ጊዜ ያህል ቀስ ብዬ አዞርኩ። ብዙ ሰው «ከመጠን በላይ ሞልቼ እሰብረዋለሁ» ብሎ ይፈራል። በአውቶማቲክ ሰዓት ሞላው ጢም ሲል ጫፉ በዕቃው ግድግዳ ላይ እንዲንሸራተት ተደርጎ ስለተሠራ፣ እንደ ድሮዎቹ በእጅ የሚሞሉ ሰዓቶች «በቃ» ብሎ አይገታዎትም። ለዚህም ነው ዙሩን መቁጠር የሚሻለው።

ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሞልቼ ጠረጴዛ ላይ ተውኩት። አርብ ማታ 4 ሰዓት ላይ ስዘጋ እየሄደ ነበር፤ ቅዳሜ ማለዳ ስከፍት 6፡10 ላይ ቆሞ አገኘሁት። ማታ 4 ሰዓት ላይ ይሄድ ስለነበር 6፡10 የሌሊቱ ነው፤ 39 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሄዷል ማለት ነው። ሰዓቱ ጤነኛ ነው፣ አንድ ብሎን መንካት አያስፈልገውም። በዚሁ ፈተና 12 ወይም 15 ሰዓት ያህል ብቻ ሄዶ ቢቆም ግን ዘይቱ ደርቋል ወይም ሞላው ደክሟል፤ ተፈትቶ መታጠብና መቀባት አለበት። ዘይቱ ያረጀበት ሰዓት በእኛ ውርጭ መስኮት ደፍ ላይ ሲያድር ደግሞ ይብስበታል፤ ኮሜዲኖ ላይ ያሳድሩት።

ለጋሼ የሰጠሁት መፍትሔ ማታ ሲያወልቁት 20 ጊዜ እንዲያዞሩት ብቻ ነው። አንዳንዱ ሰዓት በመሙያው ጨርሶ አይሞላም፤ ለምሳሌ ብዙዎች የሚያውቁት የሴይኮ 5 የቀድሞ ሞዴል እንዲህ ነው። እሱን አግድም ይዞ ግማሽ ደቂቃ ያህል ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ያስነሣዋል፤ ማስነሣት ግን መሙላት አይደለም፤ ከዚያ በኋላ አስሮ መንቀሳቀስ ያስፈልጋል። መሙያው በጥርስ የሚጠብቅ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ኋላ አዙረው ይፍቱት፤ ሲጨርሱ ገፋ አድርገው መልሰው ያጥብቁት፤ አለዚያ ውኃ ያስገባል።

ችግር፦ ቀኑ በቀትር ወይም ማታ 12 ሰዓት ላይ ይቀየራል

ጋሼ ሳምንት ሳይሞላቸው ተመለሱ። «አሁንስ አይቆምም፤ ግን ማታ ራት ሳልበላ ነገ ሆኖ ይጠብቀኛል» አሉ።

የሰዓቱ ፊት 12 ቁጥር ብቻ ነው፤ ቀኑ ግን የሚቀየረው በ24 ሰዓት አንዴ ነው። ሰዓቱን የሠሩት ሰዎች ቀኑ በእነሱ እኩለ ሌሊት፣ ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲገጥሙ እንዲቀየር አድርገው ነው የሠሩት። እኛ ቆጣሪውን በራሳችን አቆጣጠር ስናስተካክለው ፊቱ ላይ ያለው 12 ወይ የንጋቱ ነው ወይ የምሽቱ፤ ሰዓቱ ራሱ አያውቀውም። ጋሼ ሲያስተካክሉ የምሽቱ ላይ ወድቆባቸዋል። በፈረንጅ አቆጣጠር ያስተካከለ ሰው ስህተቱ ሲገጥመው ቀኑ በቀትር ይቀየርበታል። በሽታው አንድ ነው፣ መድኃኒቱም አንድ፦ ቆጣሪውን 12 ሰዓት ሙሉ ወደ ፊት ማዞር።

አንድ ዲያቆን ደንበኛዬ ግን ይህን ስነግረው «ተወው፣ ከዋዜማው ጋር ይቀየርልኝ» ብሎኛል። መብቱ ነው።

ችግር፦ ቀኑ በሁለት ቁጥር መካከል ተሰንቅሮ ቀርቷል

ይህ ነው የሚያስፈራው፤ ገንዘብ የሚያስወጣውም ይህ ነው። ከፊቱ ሥር 31 ቁጥሮች የተጻፉበት ቀለበት አለ፤ ቀለበቱም 31 ጥርስ አለው። በቀን አንዴ የምትዞር ትንሽ ጣት መጥታ አንዱን ጥርስ ትገፋለች። ጣቷ የምትመጣው በአንድ ጊዜ አይደለም፤ ቆጣሪው ወደ 9 ሲጠጋ ወደ ጥርሶቹ መግባት ትጀምራለች፣ 12 አካባቢ ትገፋለች፣ 3 አካባቢ ነጻ ትሆናለች። መሙያውን መጀመሪያ ክሊክ እስከሚልበት፣ ማለትም እስከ መካከለኛው ክሊክ፣ ስበው ቀን ሲቀይሩ ሌላ ጥርስ ቀለበቱን በግድ ያዞረዋል። ጣቷ ውስጥ እያለች ይህን ካደረጉ ሁለቱ ይጋጫሉ፤ ወይ ጣቷ ትጣመማለች ወይ ጥርስ ይሰበራል። በአንዳንዱ ሰዓት ይህች ዕቃ ፕላስቲክ ናት።

ስለዚህ ፊቱ ላይ ከ9 እስከ 3 ያለው አደገኛ ነው፤ የሳምንቱን ዕለትም የሚያሳይ ከሆነ እስከ 4 ይቁጠሩት። በመጽሔትና በመመሪያ ወረቀት «ሌሊት ቀን አትቀይሩ» ሲባል ያነበበ ሰው በእኛ አገር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አደጋው የሚከተለው ቆጣሪውን እንጂ ጨለማውን አይደለም። በፈረንጅ አቆጣጠር ላስተካከለ ሰው አደጋው በእኛ ከማታ 3 እስከ ሌሊት 9 ሰዓት ነው፤ ተኝቶ ያልፈዋል። በእኛ አቆጣጠር አስተካክሎ ቀኑ ንጋት 12 ላይ የሚቀየርለት ሰው ግን አደጋው ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ ቡና ሲጠጣ፣ ሰዓቱን አንሥቶ «ዛሬ ስንት ነው?» የሚልበት ሰዓት!

በዚያ ላይ ከጳጉሜን በቀር የእኛ ወር ሁሉ 30 ቀን ነው፤ ቀለበቱ ግን 31። በየወሩ መባቻ ሰዓቱ 31 ያሳያል፤ እኛ 1 እናደርገዋለን። ጳጉሜንን ጨምሮ በዓመት 13 ጊዜ ማለት ነው፤ በፈረንጅ ቀን የሚጠቀም ሰው 5 ጊዜ ብቻ ያስተካክላል። መስከረም 1 ቀን የሰዓቱ ቀን 6 ላይ ስለሚሆን 26 ጊዜ ማሳለፍ አለብን፤ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት በኋላ ደግሞ 25። ከእንቁጣጣሽ ማግስት ሱቄ ለምን እንደሚሞላ ይኸው። ጋሼም ኅዳር 1 ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 31ን ወደ 1 እንደቀየሩ ነገሩኝ። ዕድላቸው ሆኖ ያን ጊዜ የእሳቸው ሰዓት ቀን የሚቀይረው ምሽት ላይ ስለነበር አልተነካም። ስህተት ከስህተት አዳናቸው።

በየትኛውም ሰዓት ሳይሰጉ የሚያስተካክሉት እንዲህ ነው። መሙያውን እስከ መጨረሻው ክሊክ ይሳቡና ቀኑ ሲቀየር እስኪያዩ ድረስ ቆጣሪውን ወደ ፊት ብቻ ያዙሩ። ያ 12 የእርስዎ ንጋት ነው። ሳያቋርጡ እስከ 6 ይቀጥሉ፤ አሁን ሰዓቱ በእኩለ ቀን ላይ ነው፣ ጣቷም ሩቅ ናት። ወደ መካከለኛው ክሊክ መልሰው ቀኑን በትናንቱ ላይ ያቁሙት። ከዚያ እንደገና እስከ መጨረሻ ስበው ወደ ፊት ያዙሩ፤ የመጀመሪያውን 12 ቀኑ ሳይቀየር ያልፋሉ፣ ሁለተኛው ላይ ቀኑ ዛሬ ይሆናል። ከዚያ ወዳለንበት ሰዓት ያድርሱት፤ ጊዜው ከምሽት 12 በኋላ ከሆነ አንድ 12 ጨምረው ያልፋሉ። ቆጣሪውን በ12 ላይ ወደ ኋላ አይመልሱት።

ቀኑ አሁን ተሰንቅሮ ከሆነስ? መካከለኛውን ክሊክ አይንኩት። ቆጣሪውን ወደ ፊት እያዞሩ 12ን ሁለት ጊዜ አሳልፉትና ይመልከቱ። ቀኑ ሙሉ ቁጥር ላይ ከተቀመጠ በሰዓቱ ላይ ጉዳት አልደረሰም ይሆናል፤ ሦስት ቀን ይከታተሉት። እንደገና በአጋማሽ ከቀረ፣ ወይም ቀደም ብዬ እንዳልኩት ሰዓቱ ሞልቶም ቢሆን ሁልጊዜ ቆጣሪው 12 አካባቢ ሲደርስ የሚቆም ከሆነ፣ የቀኑ ጣት ወይም ቀለበት እየያዘው ነው። ይህ ተከፍቶ ብቻ ነው የሚድነው። ለጠጋኙም ሲሰጡት «ይቆማል» ብለው ብቻ አይስጡት፤ የቆመበትን ሰዓት የጻፉበትን ወረቀት አብረው ይስጡት።