የ x^x ሊሚት ወደ ዜሮ ሲጠጋ፦ ስሌቱ የት ላይ ይበላሻል?

ጥያቄው አጭር ነው። x ከቀኝ በኩል ወደ ዜሮ ሲጠጋ x^x ወዴት ይጠጋል? መልሱ 1 ነው፤ ይሄን አልደብቃችሁም። ችግሩ ያለው መንገዱ ላይ ነው። ይህን ጥያቄ የሠሩ ተማሪዎችን ደብተር ሳይ ስህተቱ የሚደጋገመው እዚያው እዚያው ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ከምልክቱ እንነሳ። እናንተ ጋ ምን ወጣ?

ምልክት፦ ቁጥር እያስገባሁ ስሞክር መልሱ ወደ ዜሮ የሚወርድ ይመስላል

ካልኩሌተር ይዛችሁ ከ1 ተነስታችኋል። 1 ስታስገቡ 1 ወጣ። 0.5 ስታስገቡ 0.707 ወጣ። 0.4 ስታስገቡ ደግሞ 0.693። "እየወረደ ነው፣ በቃ ዜሮ ነው" ብላችሁ ዘጋችሁት።

የዘጋችሁት ቶሎ ነው። ትንሽ ብትቀጥሉ 0.3 ላይ 0.697፣ 0.2 ላይ 0.725፣ 0.1 ላይ 0.794 ታገኙ ነበር። ግራፉ ይወርድና ይመለሳል። የሚመለስበት ቦታ x = 1/e ነው፣ ማለትም 0.368 አካባቢ። እዚያ ላይ ዋጋው 0.692 ገደማ ነው፤ ከዚያ በታች አይወርድም።

መፍትሄው በጣም ትንንሽ ቁጥሮችን መሞከር ነው፦

```
x        x^x
0.1      0.7943
0.01     0.9550
0.001    0.9931
0.0001   0.9991
```

አሁን ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። ይህ ግን ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ፈተና ላይ ሠንጠረዥ ብቻ ጽፎ መውጣት አያዋጣም።

ምልክት፦ መልሱ 1 ሆኖልኛል፣ ግን ማርክ አልተሰጠኝም

ምናልባት የጻፋችሁት ይሄ ነው፦ "ማንኛውም ቁጥር ፓወር ዜሮ 1 ስለሆነ መልሱ 1 ነው።" ጓደኛችሁ ደግሞ "ዜሮ ፓወር ማንኛውም ፖዘቲቭ ቁጥር ዜሮ ስለሆነ መልሱ 0 ነው" ብሏል። ሁለታችሁም የሠራችሁት ያው አንድ ስህተት ነው፤ አንተ ዕድለኛ ስለሆንክ ብቻ መልሱ ገጠመልህ።

ስህተቱ አንዱን x አቁሞ ሌላውን ብቻ ማንቀሳቀስ ነው። እዚህ ቤዙም ኤክስፖነንቱም እኩል ወደ ዜሮ ይሄዳሉ። ቤዙ ዋጋውን ወደ 0 ይጎትታል፣ ኤክስፖነንቱ ደግሞ ወደ 1። ማን እንደሚያሸንፍ ሳይሰላ አይታወቅም። 0^0 ኢንዲተርሚኔት ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ካላመናችሁ ይሄን ሞክሩት፦ (e^(-1/x))^x። x ከቀኝ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ቤዙ ወደ ዜሮ ይሄዳል፣ ኤክስፖነንቱም ወደ ዜሮ ይሄዳል። ቅርጹ ያው 0^0 ነው። ነገር ግን ኤክስፖነንቶቹን ስታባዙ x ይጣፋና e^(-1) ብቻ ይቀራል፤ 0.368 ገደማ። 1 የለም፣ 0 የለም። ስለዚህ "ፓወር ዜሮ ስለሆነ" የሚለው ምክንያት አይሠራም።

መፍትሄው ኤክስፖነንቱን በሎጋሪዝም ወደ ታች ማውረድ ነው፦

x^x = e^(x ln x)

ከዚህ በኋላ ሥራው ሁሉ x ln x ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ነው። አንዱ ወደ 0፣ ሌላው ወደ ኔጋቲቭ ኢንፊኒቲ ይሄዳል። አሁንም ትግል ነው፣ ግን የምንችለው ትግል ነው።

ምልክት፦ ሎፒታልን ተጠቀምኩ፣ እየባሰበት ሄደ

ይሄኛው ላይ ቆም እንበል፤ ጎበዝ የሚባሉትም የሚወድቁት እዚህ ነው።

የሎፒታል ደንብ ክፍልፋይ ይፈልጋል። x ln x ግን ብዜት ነው። ስለዚህ አንዱን ወደ ታች ማውረድ አለባችሁ። ብዙ ሰው ln x ያስፈራዋልና እሱን ወደ ታች ያወርደዋል፦

x / (1/ln x)

ከላይም ከታችም ወደ 0 ይሄዳሉ፣ ደንቡ ይፈቅዳል። የላይኛው ዴሪቬቲቭ 1 ነው። የታችኛው ደግሞ -1/(x (ln x)²) ነው። ስታካፍሉ የሚወጣው -x (ln x)² ነው። በ x ln x ተነስታችሁ (ln x)² ላይ ደረሳችሁ። ብትደግሙት (ln x)³ ይመጣል። የሠራችሁት ስህተት የለም፣ ዴሪቬቲቩ ትክክል ነው። የወረደው ነገር ብቻ ነው የተሳሳተው።

ln x ዴሪቬቲቩ ሲወሰድ 1/x ይሆናል፤ ሎጋሪዝሙ ይጠፋል። ይሄ የሚጠቅመን ግን ብቻውን ከላይ ሲቀመጥ ነው። ስለዚህ ወደ ታች የሚወርደው x ነው፦

ln x / (1/x)

አሁን ከላይ ኔጋቲቭ ኢንፊኒቲ፣ ከታች ፖዘቲቭ ኢንፊኒቲ አለ። የላይኛው ዴሪቬቲቭ 1/x፣ የታችኛው -1/x²። ስናካፍል -x ብቻ ይቀራል። እሱ ደግሞ ወደ 0 ይሄዳል። አንድ እርምጃ፣ አለቀ።

ሎፒታልን ገና ካልተማራችሁ ወይም መምህሩ ከከለከላችሁ ሌላ መንገድ አለ፤ እኔ እንዲያውም እሱን እመርጣለሁ። ለማንኛውም ፖዘቲቭ t፣ ln t ከ t ያንሳል። በ t ቦታ 1/√x አስገቡ። -½ ln x < 1/√x ይሆናል። ሁለቱንም ወገን በ 2x ስታባዙ -x ln x < 2√x ታገኛላችሁ። x ከ0 እስከ 1 ባለው ውስጥ ሲሆን -x ln x ፖዘቲቭ ነው። በ0 እና በ2√x መካከል ተጨምቋል። 2√x ወደ ዜሮ ሲሄድ እሱም መሄጃ የለውም፣ ይከተለዋል።

ምልክት፦ ሁሉንም በትክክል ሠርቼ መልሴ 0 ሆነ

x ln x ወደ 0 እንደሚሄድ አሳይታችሁ፣ ከሥሩ አስምራችሁ፣ "መልስ 0" ብላችሁ ደብተሩን ዘጋችሁ። ይሄ ያናድዳል፤ አንድ መስመር ነበር የቀረው። ያገኛችሁት የ ln(x^x) ሊሚት ነው። የተጠየቀው የ x^x ነው። e^0 = 1 ብላችሁ ወደ ቤቱ መልሱት። ይህን ለመከላከል እኔ ገና ስጀምር e^( ) ብዬ እጽፍና ባዶውን ቅንፍ እስከ መጨረሻው መስመር ይዤው እወርዳለሁ። ባዶ ቅንፍ አይረሳም።

ምልክት፦ ከግራ ስሞክር ካልኩሌተሩ ኤረር ይላል

ካልኩሌተሩ አልተበላሸም። x = -1/2 ስታስገቡ ኔጋቲቭ ቁጥር ስኩዌር ሩት ውስጥ ይገባል፣ ሪል መልስ የለውም። x = -1/3 ላይ በእጅ ካሰላችሁት ደግሞ -1.44 አካባቢ ይወጣል። እነዚህ ሁለት ዓይነት ነጥቦች ዜሮ አጠገብ የፈለጋችሁትን ያህል ብትጠጉም ተደባልቀው ይገኛሉ። ስለዚህ በሪል ቁጥሮች ከግራ በኩል የሚጠየቅ ሊሚት የለም። ጥያቄው ላይ ከዜሮው አጠገብ ያለችው ትንሿ የፕላስ ምልክት የተቀመጠችው ለዚህ ነው፤ ስትገለብጡ እሷን ከጣላችሁ ጥያቄው ራሱ ተቀየረ ማለት ነው።