ፎቶ ከተነሳ ካርታ ላይ የሁለት ከተሞችን ርቀት እንዴት እንለካለን?

ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካርታ በስልክ አንስታችሁ ርቀት ልትለኩ ከሆነ፣ ጥጉ ላይ ያለውን «1:1,000,000» ተዉት። እሱ የሚሠራው ለወረቀቱ ለራሱ ነው። ፎቶው ሲያንስ ወይም ሲተልቅ ቁጥሩ ዋጋ ያጣል። ኪሎ ሜትር የተጻፈበት የስኬሉ መስመር ግን ከካርታው ጋር አብሮ ስለሚያንስና ስለሚተልቅ እሱን እመኑ። ሁለቱ ከተሞችና መስመሩ የግድ አንድ ፎቶ ውስጥ ይግቡ።

ካርታውን ፊት ለፊት ቆማችሁ አንሱ። አንጋጣችሁ ካነሳችሁት ላዩ ይጠባል። ፎቶው ላይ የካርታውን ክፈፍ የላይና የታች ጎን ለኩና እኩል ካልመጡ ድገሙት። ከዚያ አራት ኪሎ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዱ ጋ ጎራ ብላችሁ አሳትሙት። ስክሪን ላይ በጣት እያሰፉና እያጠበቡ መለካት አይመቸኝም።

አሁን ዋናው ሥራ። ጎሐ ጽዮንና ደጀንን እንውሰድ። በቀጥታ መስመር ወደ 20 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ ግን ዓባይ በረሃ ወርዶ ነው የሚወጣው። ብዙ ሰው ክር ይጠቀማል፤ ክር ይለጠጣል፣ ኩርባ ላይም ይንሸራተታል። እኔ የምመርጠው የወረቀት ጠርዝ ነው። የወረቀቱን ጫፍ ጎሐ ጽዮን ላይ አድርጋችሁ፣ ጠርዙን መንገዱ እስከሚታጠፍበት ድረስ አስተኙትና እዚያ ምልክት አድርጉ። ምልክቱ ላይ የእርሳሱን ጫፍ ተክላችሁ ያዙ፣ ወረቀቱን በእርሳሱ ዙሪያ አዙራችሁ ከቀጣዩ የመንገድ ቁራጭ ጋር አስተካክሉት፣ እንደገና ምልክት። እርሳሱ ተነስቶ ወረቀቱ ከተንሸራተተ ልኬቱ ይበላሻል። ኩርባው በጠነከረ ቁጥር ቁራጮቹ ይጠሩ።

ደጀን ስትደርሱ ወረቀቱን ወስዳችሁ ስኬሉ ላይ አስተኙት። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ! ብዙ ካርታዎች ላይ ዜሮው መስመሩ ጫፍ ላይ አይደለም። ከዜሮ በስተግራ በጥቃቅን የተከፋፈለ ቁራጭ አለ። መለካት የሚጀመረው ከዜሮ ነው።

እኔ ጋ 28 ኪሎ ሜትር ገደማ መጣ። በመኪና ግን ወደ 40 ነው። ልዩነቱ የቁልቁለቱ ይመስላል፣ አይደለም፤ 20 ኪሎ ሜትር ተኪዶ ከ1000 ሜትር በላይ ቢወረድ እንኳ ቁልቁለቱ ራሱ የሚጨምረው ከመቶ ሜትር በታች ነው። የጠፋው ጠመዝማዛው ነው። በዚህ ስኬል አንድ ኪሎ ሜትር አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ካርታ ሠሪው አሥር መታጠፊያ ያለውን ገደል በሁለትና ሦስት ኩርባ ያልፈዋል። ያልተሣለ መታጠፊያ ደግሞ በምንም ጥንቃቄ አይለካም።

ስለዚህ እዚያው ካርታ ላይ፣ ተመሳሳይ መልክዓ ምድር ያለውና ርቀቱን በእርግጠኝነት የምታውቁት መንገድ ፈልጋችሁ በዚሁ ዘዴ ለኩ። እውነተኛውን ለለካችሁት አካፍሉ፤ የዓባይ በረሃው 40 ለ28 ሲካፈል 1.4 ገደማ ይሆናል። ሌላ ገደላማ መንገድ ስትለኩ ውጤታችሁን በዚህ አባዙት። ከሞጆ ወደ ዝዋይ ላለው ዓይነት ሜዳ ግን አትጠቀሙበት፤ እዚያ የወረቀቱ ልኬት ብቻውን ይበቃል።