ለአንድ ኤመራልድ ሁለት የተለያዩ ደረጃዎች ሲሰጡ

የሻኪሶን ኤመራልድ ለምትገዙና ለምትሸጡ፦ ለአንድ ድንጋይ የወጡ ሁለት የላብራቶሪ ምስክር ወረቀቶች የዘይቱን መጠን በተለያየ ደረጃ ካስቀመጡት፣ አንዱ ሐሰተኛ ነው ከማለታችሁ በፊት የተሰጡበትን ቀን ተመልከቱ።

ስንጥቆች እንዳይታዩ ወደ ድንጋዩ የሚገባው ዘይት በጊዜና በሙቀት ይደርቃል፣ በአልትራሳውንድ ማጠቢያ ይወጣል፤ ባለቤቱም እንደገና ሊያስሞላው ይችላል። ስለዚህ 2.12 ካራት የሚመዝን ድንጋይ ከ3 ዓመት በፊት በጂአይኤ ላብራቶሪ F1፣ ማለትም «አነስተኛ»፣ ተብሎ ዛሬ F2፣ ማለትም «መካከለኛ»፣ ቢባል ሁለቱም ወረቀቶች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ዋጋ የምትነጋገሩት ግን በአዲሱ ነው። ቀናቱ ተቀራራቢ ከሆኑ፣ ደረጃው ባለሙያው በማይክሮስኮፕ አይቶ የሚገምተው እንጂ እንደ ክብደት በሚዛን የሚነበብ ስላልሆነ፣ በሁለቱ ደረጃዎች ድንበር ላይ ያለ ድንጋይ ወደ የትኛውም ሊያዘነብል ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ወረቀቶቹ በእርግጥ የአንድ ድንጋይ ከሆኑ ነው፤ ክብደቱን ከነጥብ በኋላ እስከ ሁለተኛው አሃዝ፣ ልኬቱንም (ለምሳሌ 9.02 × 7.01 × 5.03 ሚሊሜትር) አስተያዩ። ክብደቱ ቀንሶ ከተገኘ፣ ድንጋዩ እንደገና ተቆርጦ ወይም ተወልውሎ ሊሆን ይችላል፤ አለዚያም ሌላ ድንጋይ ነው። «ተፈጥሯዊ ኤመራልድ» የሚለው ቃል ደግሞ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ድንጋዩ በፋብሪካ አለመሠራቱን እንጂ ዘይት አለመግባቱን አይናገርም፤ ለዚያ ስለ ማሻሻያ የተጻፈውን ሌላውን መስመር አንብቡ።