ሞዱ አልወጣ ሲል ወይም ወጥቶ ሲያሳስት፦ የሰርቪስ መስመርና የጫማ ቁጥር

ቦሌ አካባቢ ያለ አንድ መስሪያ ቤት ለሠራተኞቹ የሰርቪስ አውቶቡስ ሊከራይ አስቦ፣ "ማታ ወደ ቤት ስትሄዱ የት ትወርዳላችሁ?" ብሎ 60 ሰዎችን በቅጽ ጠየቀ። ከመልሶቹ ውስጥ ብዙ ሰው የሚሄድበትን ቦታ የማውጣቱ ሥራ ለእኔ ደረሰ። እንዲህ ላለው መልስ አማካይ የሚባል ነገር የለም፤ ሜክሲኮንና መገናኛን ደምሮ ለሁለት ማካፈል አይቻልም። የሚቻለው መቁጠርና ከሁሉ በላይ የተደጋገመውን መለየት ነው፤ ሞድ የምንለውም እሱን ነው። የአስር ደቂቃ ሥራ መስሎኝ ጀመርኩት፤ ግማሽ ቀን ወሰደብኝ፤ መጀመሪያ ያወጣሁት መልስም ስህተት ነበር። በዚያ ሥራ ያየኋቸውን ችግሮች፣ ከዚያም የጫማ ሱቅ ካላት ዘመዴ ጋር የገጠመንን እነሆ።

ኤክሴል #N/A ይላል፣ ወይም ማንም ያልጠበቀውን ቁጥር ይሰጣል

መልሶቹን በአንድ ዓምድ ደርድራችሁ `=MODE(A2:A61)` ብትሉ ብዙውን ጊዜ የምታገኙት #N/A ነው። MODE የሚያየው ቁጥር ብቻ ስለሆነ ፊደል ያለበትን ሴል ሁሉ ዘሎ ያልፋል። ሁሉም መልስ ቃል ከሆነ የሚቆጥረው ነገር አያገኝም።

ከዚህ የሚብሰው ግን ስህተት ሳያሳይ መልስ ሲሰጥ ነው። በእኔ ዳታ ሁለት ሰዎች "ስድስት ኪሎ" ለማለት "6" ብቻ ጽፈው ነበር። MODE ሌሎቹን ሁሉ ትቶ፣ ሁለቱን ብቻ አይቶ "6" አለኝ። ለጊዜው ስድስት ሰው ማለቱ መስሎኝ ነበር። ሞድ ሁልጊዜ የምድቡ ስም ነው፤ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ የሚናገረው ድግግሞሹ ሌላ ነገር ነው። የወጣላችሁ ነገር የቦታ ስም ካልሆነ ቀመሩ የተሳሳተ ነገር እየቆጠረ ነው ማለት ነው።

ለቃላት የሚሆነው ቀመር ይህ ነው፦

```
=INDEX(A2:A61, MODE(MATCH(A2:A61, A2:A61, 0)))
```

MATCH ለእያንዳንዱ መልስ መጀመሪያ የታየበትን ተራ ቁጥር ይሰጣል፣ MODE ከተራ ቁጥሮቹ ብዙ የተደጋገመውን ይይዛል፣ INDEX ደግሞ ቁጥሩን ወደ ስም ይመልሰዋል። በድሮዎቹ የኤክሴል ስሪቶች ቀመሩን ከጻፉ በኋላ ኢንተር ብቻውን አይበቃም፤ Ctrl+Shift+Enter መጫን ያስፈልጋል። በመሃል ባዶ ሴል ካለም እንደገና #N/A ይመጣል። የእኔው ዝርዝር ሁለት ባዶ ነበረው።

በበኩሌ ይህን ቀመር ብዙም አልመክረውም። አንድ ስም ብቻ አውጥቶ ሌላውን ሁሉ ይሸፍናል። የድግግሞሽ ሠንጠረዥ ይሻላል፦ በጎን ባለው ዓምድ `=COUNTIF($A$2:$A$61, A2)` ብላችሁ እስከ ታች ጎትቱት፤ ወይም ፒቮት ቴብል ሠርታችሁ ከብዙ ወደ ጥቂት ደርድሩት። ቀጥሎ ያለውን ችግር ያየሁት ሠንጠረዡ ስላለ ብቻ ነው።

ሞዱ ወጥቷል፣ ግን ሰዉ የሚያውቀው ሌላ ነው

ሠንጠረዡ ሜክሲኮን በ12 ሰው አንደኛ፣ መገናኛን በ11 ሁለተኛ አድርጎ አወጣ። ውጤቱን ለአንድ የቆየ የመስሪያ ቤቱ ሾፌር ሳሳየው፣ "ብዙው ሰው እኮ የጦር ኃይሎች ነው" አለኝ። ልክ ነበር። ወደ ታች ስወርድ ይህን አገኘሁ፦

ጦር ኃይሎች — 6
ጦር ሀይሎች — 5
ጦር ሃይሎች — 3
ጦርኃይሎች — 2

ለእኛ አንድ ቦታ ነው፤ ለኮምፒውተሩ አራት። ሀ፣ ሃ፣ ኃ በአፋችን አንድ ድምፅ ይሁኑ እንጂ እያንዳንዳቸው የራሳቸው የዩኒኮድ ቁጥር አላቸው፤ ማሽኑ የሚያወዳድረው እሱን ነው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንደዚሁ ናቸው። ሳሪስም በስድስት ሰው "ሳሪስ"፣ በአንድ ሰው "ሣሪስ" ተብሎ ተጽፏል። በአማርኛ ለሚሰበሰብ ዳታ ከዚህ የበለጠ ሞድ የሚያበላሽ ነገር አላውቅም፤ ምክንያቱም ስህተቱ ድምፅ የለውም። ቀመሩ በትክክል ይሠራል፣ ውጤቱም አሳማኝ ይመስላል። ብዙ የአጻጻፍ መንገድ ያለው ቦታ ቁጥሩ ተከፋፍሎ ይወርዳል፤ እንደ ሜክሲኮ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት የሚጽፈው ቦታ ደግሞ ያለ ድካም አንደኛ ይሆናል።

እንዴት ይታወቃል? ሠንጠረዡን አንዴ በብዛት፣ አንዴ ደግሞ በፊደል ተራ ደርድሩና ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ዓይን ያለፈውን ጆሮ ይይዘዋል። ሁለት መስመሮች ለዓይን ፍጹም አንድ ሆነው ሳለ ለየብቻ ከተቆጠሩ ደግሞ ከኋላ ክፍተት ተትቷል፤ `=LEN(A2)` የፊደሉን ብዛት ስለሚናገር ይለየዋል፣ `=TRIM(A2)` ያስተካክለዋል።

ለፊደሎቹ SUBSTITUTE የሚባለውን መጠቀም ይቻላል፤ ነገር ግን ኃ፣ ኀ፣ ሐ፣ ሓ እያሉ እያንዳንዷን ለብቻ መተካት ስለሚያስፈልግ ቀመሩ እየረዘመ ይሄዳል፤ "ጦርኃይሎች" ተብሎ የተጣበቀውንም አይፈታም። እኔ የሠራሁት በጎን አንድ የስም መዝገብ ነው። በF ዓምድ ሰዎች የጻፉትን እያንዳንዱን አጻጻፍ፣ በG ትይዩውን የተስማማንበትን ስም። ከዚያ በB ዓምድ፦

```
=VLOOKUP(TRIM(A2), $F$2:$G$40, 2, FALSE)
```

TRIM ቁጥሩን ወደ ጽሑፍ ስለሚለውጠው፣ እንደ "6" ያለውን መልስ በF ላይ '6 ብላችሁ በጽሑፍ መልክ አስገቡት። በመዝገቡ የሌለ አዲስ አጻጻፍ ሲመጣ #N/A ይላል፤ እዚህ ላይ ግን #N/A ይጠቅማል፤ ዓይተን ያላሰብንበት መልስ እንዳለ ይነግረናል። የA ዓምድን ግን አትንኩ፤ ሰው የጻፈው እንደጻፈው ይቀመጥ። ቆጠራው አሁን በB ላይ ይሁን። ጦር ኃይሎች በ16 ሰው አንደኛ ወጣ፣ ሜክሲኮ በ12 ሁለተኛ፣ መገናኛ በ11 ሦስተኛ።

እዚሁ ላይ ቀመር የማይመልሰው ጥያቄ ተነሳ። ሦስት ሰዎች "ጀሞ" ብለዋል፣ ሁለት "ጀሞ 1"፣ ሁለት "ጀሞ 2"። አንድ ናቸው ወይስ ሦስት? መልሱ የሚወሰነው በጥያቄው ነው። ሚኒባስ የት እንደሚያቆም ለመወሰን ከሆነ ይለያያሉ፤ አውቶቡስ በየት አቅጣጫ እንደሚሄድ ለመወሰን ከሆነ አንድ ናቸው። የእኛ ጥያቄ አቅጣጫ ስለነበር 7 ብዬ አንድ አደረግኳቸው። በዚሁ አስተሳሰብ ከሄድን ደግሞ ከቦሌ ተነስቶ ጦር ኃይሎች የሚደርስ አውቶቡስ በሜክሲኮ በኩል ማለፍ ይችላል። ምድቡን "የሚወርዱበት ቦታ" ሳይሆን "መስመር" ብንለው 16 እና 12 ተደምረው 28 ሰው በአንድ መስመር ይገባሉ፤ መልስ ከሰጡት 58 ሰዎች ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ምድቡን የምትወስኑት ውጤቱን ከማየታችሁ በፊት ይሁን፤ ካያችሁ በኋላ ከሆነ የፈለጋችሁትን አንደኛ ማድረግ ትችላላችሁ።

በሽያጭ መዝገቡ ብዙ የወጣውን የጫማ ቁጥር አዘዝኩ፣ ደንበኛ ግን አሁንም ሌላ ቁጥር ይጠይቃል

የጫማ ቁጥር ቁጥር ስለሚመስል ሰው አማካዩን ለማውጣት ይፈተናል። 38.6 የሚባል ጫማ የለም። የሴትና የወንድ ጫማ አንድ ላይ ከተቆጠረማ የሴቶቹ 38 ላይ፣ የወንዶቹ 42 ላይ ተከምሮ አማካዩ 40 ይሆናል፤ 40ን ብዙ የሚጠይቅ ሰው ግን የለም። የጫማ ቁጥር እዚህ ስም ነው፤ እንደ አውቶቡስ ቁጥር።

ዘመዴ ይህን ታውቃለች፤ የሴቶቹን ለይታ ነው የቆጠረችው። ከአንድ ሞዴል 30 ጥንድ አስገባች፦ 36 ቁጥር 2፣ 37 ቁጥር 6፣ 38 ቁጥር 6፣ 39 ቁጥር 10፣ 40 ቁጥር 6። በአራት ሳምንት ውስጥ ከ39 ዘጠኝ፣ ከ38 ስድስት፣ ከ37 አምስት፣ ከ40 ሦስት፣ ከ36 አንድ ሸጠች። ሞዱ 39 ነው፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ዙር 39ን ጨመረች። 39 ቆሞ ቀረ፣ በር ላይ ደግሞ "38 አለ?" የሚለው አላቆመም።

ቆጠራዋ ትክክል ነበር፤ የቆጠረችው ነገር ነው የተሳሳተው። 38 ከስድስት በላይ ሊሸጥ አይችልም ነበር፣ የነበረው ስድስት ብቻ ነውና። የሽያጭ መዝገብ የሚያሳየው ደንበኛ የፈለገውን ሳይሆን፣ ከተፈለገው ውስጥ መደርደሪያ ላይ የተገኘውን ነው። ምልክቱ ቀላል ነው፦ አንድ ቁጥር የተሸጠው ካስገባችሁት ጋር እኩል ከሆነ፣ እውነተኛ ፍላጎቱን አታውቁትም።

መዝገቡ ቀን ካለው ወዲያው ማስተካከል ይቻላል። የመጀመሪያው ቁጥር እስካለቀበት ቀን ድረስ ያለውን ብቻ ቁጠሩ፤ እስከዚያ ድረስ ሁሉም ቁጥር ነበረና ፉክክሩ እኩል ነው። በእሷ መዝገብ 38 ያለቀው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። በዚያ ሳምንት 38 ስድስት፣ 39 ሦስት፣ 37 ሁለት፣ 40 አንድ ተሽጧል። ሞዱ 38 ሆነ። አስራ ሁለት ጥንድ ግን ጥቂት ነው፤ በዚህ ብቻ ብዙ ገንዘብ አላስርም። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ካውንተሩ ላይ ደብተር አስቀምጣ፣ ሸጠችም አልሸጠችም፣ የተጠየቀውን ቁጥር ሁሉ በጭረት መያዝ ጀመረች። በአራት ሳምንት 38 አስራ ሰባት ጊዜ፣ 39 አስራ አንድ ጊዜ ተጠየቀ። የምታዝዘው አሁን ከዚያ ደብተር ነው።

ደብተሩ ሲጀመር አንድ ነገር ልብ በሉ። አንዳንዱ ጫማ በአውሮፓ ቁጥር፣ አንዳንዱ በእንግሊዝ ቁጥር ይመጣል። 38 እና 5 ተብለው ለየብቻ ከተያዙ የጦር ኃይሎቹ ችግር እዚህም ይደገማል። ሳጥኑ ላይ ካለው ቁጥር ወደ አንዱ መልሳችሁ ጻፉ።

ሁለት ምድቦች እኩል ወጡ

ኤክሴል አንዱን ብቻ ከሰጣችሁ የመረጠው የበለጠ ስለሆነ አይደለም፤ ከላይ ያለው የINDEX ቀመር እኩል ሲሆኑ በዝርዝሩ መጀመሪያ የተገኘውን ያወጣል። ዝርዝሩን ብትገለብጡት መልሱ ሊገለበጥ ይችላል፤ መፈተሻውም ይኸው ነው። ሁለቱንም ሞድ ብላችሁ ጻፉ፣ ከነድግግሞሻቸው። እንደ ሜክሲኮና መገናኛ 12 ለ11 ከሆነም ልዩነቱ የአንድ ሰው መልስ ነውና፣ መልስ ያልሰጡትን ሁለቱን ሰዎች ሄዶ መጠየቅ ከማንኛውም ቀመር ይቀድማል።