የጤና ወይም የገንዘብ ማስታወቂያ ውድቅ ሲሆንባችሁ የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ቀይሩት

ፌስቡክ ላይ የጤና ወይም የብድር ማስታወቂያ ውድቅ ከተደረገባችሁ፣ ምርቱን ከመጠርጠራችሁ በፊት ዓረፍተ ነገሩ ስለማን እንደሚያወራ እዩ። «ስኳር አለብዎት? ይህ የምግብ ዕቅድ ለእርስዎ ነው» ብትሉ አያልፍም። ጥፋቱ «ስኳር» የሚለው ቃል ላይ አይደለም፤ የአንባቢውን ሕመም እንደምታውቁ ማስመሰሉ ላይ ነው፣ ፖሊሲው ደግሞ ይህንን ለብቻው ይከለክላል።

ስለዚህ የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ከሰውየው ወደ ምርቱ አዙሩት። «ለስኳር ሕመም የሚስማማ የሳምንት የምግብ ዕቅድ» በሉ። ገንዘብም ላይ ያው ነው፦ «ዕዳ አስጨነቀዎት?» የሚለውን «የወር ክፍያን አስልቶ የሚያሳይ የብድር ምክር» አድርጉት። «እርስዎ» ማለት በራሱ ችግር የለውም፤ «ዛሬውኑ ይመዝገቡ» ምንም አይልም።

ሊንኩ የሚወስደውን ገጽም አስተካክሉ፤ እሱም ይታያል፣ ብዙ ሰው ማስታወቂያውን ብቻ ቀይሮ እንደገና ውድቅ የሚደረግበት ለዚህ ነው።

ይህ ዘዴ ግን «ስኳርን ያድናል» ወይም «ትርፉ የተረጋገጠ ነው» የሚል ተስፋን አያድንም። እሱን ሙሉ በሙሉ አውጡት። ፊደል አጣመው «ስ.ኳ.ር» እያሉ ማሳለፍ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም፤ ማጣሪያውን እንደማጭበርበር ስለሚቆጠር አካውንቱን ሊያዘጋ ይችላል።